ያቀረቀረ ዓይን ፍርድ ቤት ሲቀርብ

ሰው ሲዋሽ በምን ታውቃላችሁ? ጥያቄውን አጠገባችሁ ላለ ሰው ወርውሩት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ዓይን ዓይኔን አያይም።»

እንዲህ የሚያስበው የአንድ አገር ሰው ብቻ አይደለም። በ2006 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች የጋራ ጥናት አሳትመው ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ58 አገሮች፣ በየአገሩ 40 ያህል ሰዎችን ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁ። የሚመረጥ መልስ አላቀረቡላቸውም። ሰዉ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የመለሰው። 64 በመቶ ያህሉ ውሸታም ዓይኑን ያሸሻል አሉ። በአብዛኞቹ አገሮችም ከመልሶች ሁሉ አንደኛ የወጣው ይኸው ነበር።

እኔን የያዘኝ የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ጨዋነት ነው ተብሎ በሚታመንባቸው አገሮችም ሰዎች ይህን መልስ መስጠታቸው ነው። ያው ሰው ከእሱ ከፍ ያለ ሰው ፊት ሲቆም ዓይኑን ይሰብራል፤ አክብሮቱን መግለጹ ነው። ነገ ደግሞ እሱ ጠያቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ፊቱ ያቀረቀረውን «ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ» ይለዋል። ስለዚህ ጉዳዩን «እነሱ አገር ያያሉ፣ እነዚህ አገር አያዩም» ብሎ መከፋፈል አይበቃም። ዓይን ለዓይን መተያየት ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ችግሩ የሚፈነዳውም አንዱ ሌላውን ለመመዘን በተቀመጠበት ቦታ ነው፦ በቃለ መጠይቅ፣ በክፍል ውስጥ፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በፍርድ ቤት።

እስቲ ከሰውነታችን እንጀምር። የሰው ዓይን ለመታየት የተሠራ ይመስላል። ነጩ ክፍል ሰፊ ነው፣ ጥቁሩ ወይም ቡናማው መሀሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሰው ወዴት እንደሚያይ ከሩቅ ይለያል። በአብዛኞቹ የዝንጀሮና የጦጣ ዝርያዎች ግን የዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ስለሚል አቅጣጫው በቀላሉ አይለይም። እኛ ዓይናችን የት እንዳለ መደበቅ አንችልም። ስናይ እንታያለን።

መታየት ደግሞ ሁልጊዜ አይመችም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ጨዋነት ነው በሚባልበት አገር እንኳ። አሜሪካ ውስጥ በ1972 የታተመ አንድ ሙከራ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ቤተ ሙከራው መንገድ ነው። መኪና ቀይ መብራት ላይ ይቆማል። አጠገቡ በስኩተር የቆመ ወይም መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሾፌሩን ትክ ብሎ ያየዋል። አይናገርም፣ ፊቱን አያጨማድድም። ማየት ብቻ። አረንጓዴው ሲበራ፣ ትክ ተብለው የታዩት ሾፌሮች መስቀለኛውን ካልታዩት ይልቅ በፍጥነት አቋርጠው ሄዱ። ማንም አላስፈራራቸውም። ግን ለምን እንደሚታዩ ስላላወቁ ከዚያ ዓይን መገላገል ፈለጉ። ትክ ብሎ ማየት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ካልታወቀ ደግሞ ዛቻ ይመስላል።

ታዲያ የባህሉ ልዩነት የሚገባው የቱ ጋ ነው? ይህን በደንብ የለየልኝ በ2013 የታተመ፣ ፊንላንዳውያንንና ጃፓናውያንን ያነጻጸረ ጥናት ነው። ተሳታፊው ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሕያው ሰው ነው፣ ፎቶ አይደለም። ሰውየው አይስቅም፣ አይቆጣም። አንዴ ዓይን ዓይኑን ያየዋል፣ አንዴ ወደ ጎን ዞር ይላል። ተመራማሪዎቹ የተሳታፊውን የልብ ምት ይለካሉ። ከዚያ ስለዚያ ፊት ምን እንደተሰማው ይጠይቁታል።

ልብ ላይ ልዩነት አልነበረም። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሁለቱም ወገን የልብ ምት ለአፍታ ቀዝቀዝ ይላል። ይህ የሰው ትኩረት ወደ አንድ ነገር ሲሳብ የሚታይ ለውጥ ነው። ሁለቱም ወገኖች ከዞረው ፊት ይልቅ የሚያያቸው ፊት ይበልጥ እንደሚያነቃቃቸው ተናገሩ። ሁለቱም ያን ፊት ለማየት የፈቀዱት ጊዜ አጠር ያለ ነበር። የተለያዩት ትርጉሙ ላይ ነው። ጃፓናውያኑ ያንኑ ባዶ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ሲያያቸው፣ ከፊንላንዳውያኑ ይልቅ የተቆጣ፣ የማይቀረብና ደስ የማይል ሆኖ አገኙት። ማለትም ድንጋጤው የጋራ ነው፤ ድንጋጤውን «ልብ ብሎኛል» ብሎ መተርጎም ወይም «ምን አጠፋሁ?» ብሎ መተርጎም ግን ተምረን የምናመጣው ነው።

ከዚህ ሁለት ዓይነት የጨዋነት ስሌት ይወጣል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ስትናገር ለአንተ ያለብኝ ዕዳ ትኩረቴ ነው፤ ትኩረቴን የማሳይበት ደግሞ ዓይኔ ነው፤ ስለዚህ አይሃለሁ። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ አንተ ከእኔ ከፍ ትላለህ፤ ትክ ብዬ ባይህ እኩያህ ነኝ ማለቴ፣ ባስ ሲልም ልጋፋህ ማለቴ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔን እሰብራለሁ። ሁለቱም አክብሮት ናቸው። አንዱ በመስጠት ያከብራል፣ ሌላው ባለመድፈር።

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይቆሙና ዓለምን ለሁለት ይከፍላሉ። «ምዕራባውያን ያያሉ፣ እስያና አፍሪካ ያቀረቅራሉ» ዓይነት። እኔ በዚህ አልስማማም። የመጀመሪያው ምክንያቴ፣ ያያሉ የሚባሉትም ሁልጊዜ አያዩም። ማይክል አርጋይል የሚባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሁለት ሁለት ሰዎችን እያስቀመጠ ሲያወሩ ለክቷል። ሰው ሲያዳምጥ ከጊዜው 75 በመቶ ያህሉን ተናጋሪውን ያያል። ራሱ ሲናገር ግን ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ ዓይን ለዓይን የሚገጥሙት ከጠቅላላው ጊዜ 30 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ግጥሚያም አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቆያል። «ዓይን ዓይኑን እያየህ አናግረው» የሚለው ምክር የሚሰጥበት አገር ላይ እንኳ እውነተኛው ልማድ ይህ ነው። ምክሩን ቃል በቃል የተገበረ ሰው እብድ ወይም ፖሊስ ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሥልጣን ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደጋጋሚ የታየ ነገር አለ። ዝቅ ያለው ሰው አለቃው ሲናገር ብዙ ያያል፣ እሱ ሲናገር ግን ያንሳል። ከፍ ያለው ሰው ግን ሲናገርም ሲያዳምጥም የሚያየው ተቀራራቢ ነው። ስልኩን እያየ ሊሰማህ ይችላል፤ ሲናገር ደግሞ አፍጥጦብህ ይናገራል። በሌላ አባባል፣ ያለማየት መብት የበላዩ ነው። ዓይን መስበር አክብሮት በሆነበት ባህል ደግሞ የማየት መብት የበላዩ ነው። ደረጃው እዚህም እዚያም አለ። የተቀያየረው የታችኛው ሰው የሚከፍልበት መንገድ ነው።

ይህን የማነሳው ለክርክር ብዬ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚፈጠር በዚህ ነው የሚገባኝ። የበታቹ አክባሪ ልሁን ብሎ ያቀረቅራል። የበላዩ ደግሞ በሱ ስሌት የበታች ሰው ሊያሳየው የሚገባው ዓይን ጎደለበት። ጎደለብኝ የሚለው አክብሮት ያ ያቀረቀረው ሰው በእጥፍ እየከፈለ ያለው ነው።

ፍሬድሪክ ኤሪክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በፊልም ይዞታል። በ1970ዎቹ በኮሌጆች ውስጥ የተማሪ አማካሪዎች ከተማሪዎች ጋር የሚያደርጉትን ንግግር ቀረጸ። አማካሪው ማለት የቱን ኮርስ ውሰድ፣ የቱ መስመር ያዋጣሃል የሚል ሰው ነው፤ የተማሪው በር ከፋችም ዘጊም ነው። ኤሪክሰን ፊልሙን እያቆመ እየመለሰ፣ ቅጽበት በቅጽበት አየው።

የሆነው እንዲህ ነው። ነጭ አማካሪ አንድ ነጥብ ያስረዳል። ሐሳቡ መቋጫ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለአፍታ ያርፋል፣ ተማሪውን ያያል። ይህ ዝምታ ባዶ አይደለም። «ገባህ?» የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ። አማካሪው ባደገበት ወግ፣ አዳማጩ በዚያች ቅጽበት ዓይኑን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እህ» ይላል። በአንዳንድ ንግግሮች ውስጥ ግን አዳማጩ ጥቁር ተማሪ ነበር፤ የእሱ የማዳመጥ ወግ ደግሞ ሌላ ነበር። ሌሎች ጥናቶችም በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን አዳማጮች ከነጮቹ ያነሰ ተናጋሪውን እንደሚያዩ አሳይተዋል። ተማሪው እየሰማ ነው። ምናልባት ጥቂት ነቅነቅ ብሏል። አማካሪው የሚጠብቃት ምልክት ግን በሚጠብቃት ቅጽበት አልመጣችም።

ምልክቷ ስትቀር አማካሪው ምን ያደርጋል? ያው ማንኛችንም የምናደርገውን። አልገባውም ብሎ ያንኑ ነገር ይደግመዋል፣ አሁን ግን ቀለል አድርጎ። ከዚያ እንደገና ያርፋል፣ ያያል፣ ይጠብቃል። አሁንም የለችም። ሦስተኛ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን አውርዶ፣ ምክንያቱን ጭምር ይነግረዋል። ተማሪው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ገብቶታል። «ይሄ ሰውዬ ደደብ ነኝ ብሎ ነው እንዴ?» ይላል በልቡ። ፊቱ ይጠቁራል፣ ይበልጥ ዞር ይላል። አማካሪው ይህን ሲያይ ልጁ ፍላጎት የለውም ብሎ ይደመድማል።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው ላያስፈልግ ይችላል። ዘረኝነት ባለበት አገር ዘረኛ አማካሪም አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀና አማካሪም ቢሆን ያው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አማካሪው የመሰለውን እርዳታ በሰጠ ቁጥር ተማሪው የበለጠ ይናቃል። ሁለቱም ከክፍሉ ሲወጡ ስለ ሌላው የያዙት አስተያየት አላቸው። አንዳቸውም ግን ነገሩ ከግማሽ ሰከንድ ዕይታ እንደተነሣ አያውቁም። አውቀው የሚያደርጉት ነገር ስላልሆነ፣ ብትጠይቋቸው ስለ ጠባይ እንጂ ስለ ዓይን አይነግሯችሁም።

እኔም ይህን በወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ሠራተኛ ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። አመልካቿ ሌላ አገር ያደገች ወጣት ናት። መልሷ ጥርት ያለ ነበር፤ ግን ጠረጴዛውን እያየች ነበር የምትመልሰው። ስትወጣ ባልደረባዬ ቅጹ ላይ የጻፈውን አየሁ፦ «በራስ መተማመን ይጎድላታል።» ስለ ሥራው ከጠየቃት ጥያቄ የቱን እንደሳተች ጠየቅሁት። አሰበ። «አንዱንም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን ዓይኗን አየኸው?» አለ። ስንከራከር እንደገባኝ፣ በዕድሜም በማዕረግም ከሁላችን የሚበልጠው እሱ ነበር። ከእኔና ከሌላዋ ባልደረባችን ጋር ስታወራ ቀና ትል ነበር። ያቀረቀረችው ለእሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለራሱ የሰጠችውን ዓይን እንጂ ለሌሎቻችን የሰጠችውን አላየም።

ቅጥር ላይ የሚጠፋው ሥራ ነው። ፍርድ ቤት ላይ ግን ከዚያ የሚከፋ አለ።

በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም አቦርጂኖች ዘንድ፣ በብዙ ማኅበረሰቦች ውስጥ በዕድሜ የሚበልጥን ወይም ሥልጣን ያለውን ሰው ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው። በአንዳንድ ዘመዳሞች መካከል፣ ለምሳሌ በአማትና በአማች መካከል፣ እስከ መሸሻሽ የሚደርስ ጥብቅ ሥርዓት አለ። ዳያና ኢድስ የምትባል የቋንቋ ምሁር የአቦርጂኖችን እንግሊዝኛ በፍርድ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት አጥንታለች፤ በ1992 ለኩዊንስላንድ ጠበቆች መመሪያ መጽሐፍ ጽፋላቸዋለች። ከእሷ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ዓይን ብቻውን እንደማይመጣ ነው። አብሮት ዝምታ ይመጣል፤ ጥያቄን ወዲያው አለመመለስ ማሰብን ያሳያል። ደግሞም ጥያቄው የገባም ያልገባም፣ የተስማሙም ያልተስማሙም ቢሆን «አዎ» የማለት ልማድ አለ። ባለሥልጣን ሲደጋግም ይህ «አዎ» ነገሩ በሰላም ይለቅ የሚል ነው።

አሁን ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉና የምስክር ወንበር ላይ አስቀምጧቸው። የሚከተለውን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ አካሄዱ ግን እንዲህ ነው። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ይነሣል። «በዚያን ምሽት እዚያ አልነበርክም፤ አይደል?» ምስክሩ ወለሉን ያያል። ዝም ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰከንድ። ጠበቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ምስክሩ እንዳቀረቀረ «አዎ» ይላል። የጁሪ አባላቱ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ ለመስጠት የተቀመጡት ሰዎች፣ ያዩትን ይደምራሉ። ዓይኑን አሸሸ። ለማሰብ ጊዜ ወሰደ፣ ስለዚህ ፈጠረ። በመጨረሻም አመነ። በእነሱ ቤት ውሸታም ተያዘ። በምስክሩ ቤት ግን አንድ ጨዋ ሰው ለሚጮህበት ትልቅ ሰው ሦስት ጊዜ አክብሮት አሳየ፣ ስለዚያ ምሽትም ገና ምንም አልተናገረም።

ነገሩን የሚያባብሰው የጽሑፍ መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሚቀረው «አዎ» ብቻ ነው። ዓይኑም ዝምታውም አይጻፉም። ይግባኝ ቢባል እንኳ ከላይ ያለው ዳኛ ምስክሩን ያላየ በመሆኑ፣ «ያየውና የሰማው የታችኛው ፍርድ ቤት ነው» ብሎ በእነሱ ግምት ላይ ለመመርኮዝ ይገደዳል። የምስክርን ሁኔታ ማየት እንደ ጥቅም የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው፤ ያየው ሰው የሚያየውን ማንበብ መቻሉን ግን ማንም አይፈትነውም።

እሺ፣ ባህሉን እንርሳው። ምስክሩ ዓይን ማየት በሚያስከብር አገር ያደገ ይሁን። ዓይን መሸሽ ያኔስ የውሸት ምልክት ነው? አይደለም። በ2003 ቤላ ዲፓውሎና ባልደረቦቿ እስከዚያ ድረስ የተሠሩ የውሸት ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ፣ በዋሾና በእውነተኛ መካከል በዓይን ማየት መጠን የሚታይ ልዩነት አላገኙም። በ2006 የወጣ ሌላ ትልቅ ስብስብ ደግሞ ሰዎች ውሸትን ከእውነት የሚለዩት በአማካይ 54 በመቶ ያህል መሆኑን አሳየ። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። እንዲያውም ውሸታሙ፣ ሰዉ ዓይኑን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ፣ ሆን ብሎ ሊያፈጥ ይችላል። ዓይን አውጣ ሰው የምንለውን መቼም ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ሰው ከባድ ጥያቄ ሲጠየቅ ለምን ዞር ይላል? ስለሚያስብ ነው። የሰው ፊት ብዙ ወሬ የተሸከመ ነገር ነው፤ እያየነው ማስታወስና ማስላት ይከብደናል። በ1998 የታተመ ሙከራ ጥያቄው ሲከብድ ሰዎች ከጠያቂው ዓይን ይበልጥ እንደሚሸሹ፣ መሸሹም ማስታወስን እንደሚያግዝ አሳይቷል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ በአምስት ዓመት ልጆች ላይ ተሠርቶ፣ ሲያስቡ ዞር እንዲሉ የተለማመዱት ልጆች የተሻለ መልሰዋል። «ስናገርህ እየኝ!» የሚል መምህር ልጁን ከመልሱ እያራቀው ሊሆን ይችላል። ምስክርም ያው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የሆነን ነገር በእውነት ለማስታወስ የሚጥር ሰው ጣራ ወይም ወለል ያያል።

የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት ፍርድ ቤቶች መፍትሔ ብለው የያዙት አንድ ልማድ አለ። ዲን ሚልድረን በተባሉ ዳኛ ስም የሚጠራ ማስገንዘቢያ ነው። ዳኛው ለጁሪው ይናገራል፦ አቦርጂን ምስክሮችን ስትሰሙ፣ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ላያዩ፣ ከመመለሳቸው በፊት ረጅም ዝም ሊሉ፣ ሳይስማሙም «አዎ» ሊሉ ይችላሉ፤ ይህን ብቻ ይዛችሁ ሐቀኛ አይደሉም አትበሉ። ሚልድረን ሐሳባቸውን በ1997 በሕግ መጽሔት ላይ ጽፈውታል።

ጥሩ ነው እላለሁ፤ ግን ወሰን አለው። አንደኛ፣ ዳኛው «ይሄኛው ምስክር እንዲህ ነው» ሊል አይችልም። «ሊሆን ይችላል» ብቻ ነው የሚለው። ከተማ ያደገ፣ ፍርድ ቤት የለመደ፣ አፍ አውጥቶ የሚከራከር አቦርጂን ሞልቷል። እሱ ሲያቀረቅር ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እፍረት፣ ድካም፣ ወይም እውነትም ውሸት። ባህልን እንደ መዝገበ ቃላት መጠቀም የመጀመሪያውን ስህተት በሁለተኛ መተካት ነው። ሁለተኛ፣ ማስገንዘቢያው የሚናገረው ለጭንቅላት ነው። ያ ትክ ያለ ወይም የሸሸ ዓይን የሚፈጥረው ስሜት ደግሞ ከጭንቅላት ይቀድማል። የፊንላንዱና የጃፓኑ ሰው ልብ አንድ ዓይነት ምት ነበረው፤ ትርጉሙ ግን ሳያስቡት ነው የመጣው።

ለእኔ የሚሠራልኝ መንገድ ከዚህ ያነሰ ነው። ሰውየውን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አስተያየዋለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ ሲያወራም ያቀረቅራል? እንግዲያው ማቀርቀሩ ስለ ጉዳዩ ምንም አልነገረኝም። ከእኩያው ጋር ቀና ብሎ ከእኔ ጋር ብቻ የሚሰብር ከሆነ፣ የነገረኝ ስለ እኔ ወንበር ነው። እየሰማኝ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሁ ደግሞ ዓይኑን ትቼ ወሬውን አያለሁ፦ የሚቀጥለው ጥያቄው ወይም መልሱ ቀደም ያልኩትን ይዞ ይመጣል? ያ ከዓይን የበለጠ ይናገራል። አቀማመጥም ይረዳል። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይልቅ ጎን ለጎን ወይም በጠረጴዛ ማዕዘን ላይ ሲቀመጡ፣ ማየትም አለማየትም ትርጉሙ ይቀላል። ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት አብረው ሲያዩ ማንም ዓይኑን የት እንዳደረገ አይቆጠርበትም።

ፍርድ ቤቶችና ቀጣሪዎች ግን አሁን በተቃራኒው እየሄዱ ነው፤ ብዙው ነገር ወደ ስክሪን ተዛውሯል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ለሁሉም ሰው ተበላሽቷል። ካሜራው ያለው ከስክሪኑ በላይ ነው፣ የሰውየው ዓይን ደግሞ ከስክሪኑ መሀል። አንተ ዓይን ዓይኑን ስታየው፣ እሱ ጋ የምትታየው አቀርቅረህ ነው። ዓይን ዓይኑን የምታይ ለመምሰል ካሜራዋን ማየት አለብህ፤ ያኔ ደግሞ የእሱ ፊት አይታይህም፣ ነቀነቀ ወይስ ፊቱን አጨማደደ አታውቅም። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሰዎች ዛሬ የሚሰጣቸው ምክር ይህ ነው፦ ሰውየውን አትይው፣ ካሜራውን እየው።